«የከፈለ አባል ቅጣት ይከፈላል»፦ የራስን ጽሑፍ በድምፅና ወደ ኋላ እያነበቡ ስለ ማረም

የምኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ በተመረጥኩ በሁለተኛው ወር አንድ ማስታወቂያ አዘጋጅቼ በደረጃው መግቢያ ላይ ለጠፍኩ። ከመለጠፌ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ምንም ግድፈት አላየሁበትም። በማግስቱ ጠዋት ከሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አስቆሙኝና፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ባለፈው ሳምንት ከፍያለሁ፤ ታዲያ ለምንድን ነው የምቀጣው?» አሉኝ። አብረን ወርደን ወረቀቱን ስናነበው እንዲህ ይላል፦

«የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ እሑድ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ባደረገው ስብሰባ፣ በክረምቱ የተጎዱት የውኃ ቧንቧዎችና የጣሪያው አሸንዳ በአስቸኳይ እንዲጠገኑ፣ ለዚሁም ሥራ ከ48ቱ ቤቶች ከእያንዳንዳቸው 650 ብር፣ በድምሩ 32,100 ብር እንዲሰበሰብ ወስነዋል። እስከ ኅዳር 10 ቀን ክፍያውን የፈፀመ አባል ደረሰኙን ከገንዘብ ያዡ ይቀበላል፤ እስከተጠቀሰው ቀን ድረስ የከፈለ አባል ግን 50 ብር ቅጣት ይከፈላል። ከከፍለ ከተማው የመጡ ባለሙያዎች ጥገናውን አይተው እስኪያረጋግጡ ድረስ የውኃው መሥመር ዝግ ሆኖ የሚቆይ መሆኑን እናሳስባለን እናሳስባለን።»

በዚህች አጭር ማስታወቂያ ውስጥ ስምንት ስሕተቶች አሉ። አንባቢው ወደ ታች ከመውረዱ በፊት ስንቱን እንዳገኘ ቢቆጥር ጥሩ ነው፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ ስለሆነ ብዙዎቹን ሳያገኝ አይቀርም። ይህ ማብራሪያ የሚመለከተው ጸሐፊው ራሱ ለምን እንደማያያቸው፣ ድምፅ አውጥቶ ማንበብና ወደ ኋላ ማንበብ የትኞቹን እንደሚያጋልጡ፣ በተለይም በአማርኛ የትኞቹን እንደማይነኩ ነው።

ዓይን በመሥመር ላይ እንደ ውኃ አይፈስም፤ እየዘለለ ያርፋል። በእያንዳንዱ ዕረፍት ላይ ጥርት ብለው የሚታዩት ፊደላት ጥቂት ናቸው፤ የቀረውን አእምሮ ከዙሪያው ብዥታና ከዐውደ ሐሳቡ እየገመተ ይሞላዋል። ይህ ግምት ባይኖር ኖሮ ማንበብ እጅግ ቀርፋፋ ሥራ በሆነ ነበር። ነገር ግን ግምቱ የሚበረታው አንባቢው ቀጥሎ የሚመጣውን በሚያውቅበት መጠን ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ደግሞ ከጸሐፊው በላይ የሚያውቀው የለም። እኔ «ያልከፈለ አባል» ብዬ አስቤ «የከፈለ አባል» ብዬ ስጽፍ፣ መልሼ ሳነብ የማነበው ያሰብኩትን እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለውን አልነበረም። በ1993 እ.ኤ.አ. ዴንማንና ስቴይንተን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሙከራ ፈትሸው፣ ሰዎች በራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ ያለን ስሕተት ከሌላ ሰው ጽሑፍ ይልቅ ለማግኘት እንደሚቸገሩ፣ የችግሩም ምንጭ ጽሑፉን ከመጠን በላይ ማወቃቸው እንደሆነ አሳይተዋል።

እንግዲህ ሦስት ጊዜ ማንበቤ ያልጠቀመኝ ስላልተጠነቀቅኩ አይደለም። ሦስቱንም ጊዜ ያነበብኩት በአንድ ዓይነት መንገድ ስለነበረ ነው። ጥቅም የሚሰጠው የንባቡን መንገድ መለወጥ ሲሆን፣ ሁለቱም ዘዴዎች ይህንን በተለያየ በር ገብተው ያደርጉታል።

ድምፅ ማውጣት በመጀመሪያ ደረጃ ዓይንን ያዘገየዋል። ምላስ መዝለል አይችልምና እያንዳንዱ ቃል መነገር አለበት። ስለዚህ «እናሳስባለን እናሳስባለን» የሚለው ድግግሞሽ በድምፅ ሲነበብ ወዲያው ጆሮ ላይ ይጋጫል፤ በዝምታ ሲነበብ ግን፣ በተለይ ሁለተኛው ቃል በአዲስ መሥመር መጀመሪያ ላይ ካረፈ፣ ዓይን ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ያልፋቸዋል። ለአማርኛ ጽሑፍ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አለው፤ እሱም ከዐረፍተ ነገራችን አሠራር የሚመነጭ ነው። በአማርኛ ባለቤቱ ከፊት፣ ግሡ ከመጨረሻ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ስንት ነገር ሊገባ እንደሚችል ከላይ ያለው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ምስክር ነው። «ኮሚቴ» ብሎ ጀምሮ ቧንቧውን፣ አሸንዳውን፣ ቤቶቹንና ብሩን አሳልፎ «ወስነዋል» ላይ ሲደርስ፣ ጸሐፊው ባለቤቱ ነጠላ መሆኑን ረስቶታል፤ በጆሮው የቀሩት «ቧንቧዎች» እና «ቤቶች» ናቸው። መሆን የነበረበት «ወስኗል» ነው።

ይህን ለመያዝ ድምፅ ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ አነባበቡም ሥርዓት ይፈልጋል። እኔ የምከተለው እንዲህ ነው። ጽሑፉን በወረቀት አትሜ፣ በእስክሪብቶ ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እየጠቆምኩ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ሳይሆን ፈተና እንደሚያስነብብ መምህር ቀስ ብዬ አነባለሁ። አራት ነጥብ ላይ ሙሉ በሙሉ እቆማለሁ። ከመቆሜ በፊት ግን ግሡን ይዤ «ማን?» ብዬ እጠይቅና ወደ ኋላ ተመልሼ ባለቤቱን በእስክሪብቶ እነካለሁ። «ወስነዋል። ማን? ኮሚቴ።» ሁለቱ ካልተጣጣሙ እዚያው ይታያል። ባለቤቱን ለማግኘት ዓይኔ ከተንከራተተ፣ ወይም ግሡ ላይ ሳልደርስ ትንፋሽ ካጠረኝ፣ ዐረፍተ ነገሩ ለሁለት መከፈል እንዳለበት ምልክት ነው። ቁጥርን በቃል ማንበብም ሌላው ልማዴ ነው፤ 32,100 የሚለውን «ሠላሳ ሁለት ሺህ አንድ መቶ» ብሎ የተናገረ ሰው፣ «አርባ ስምንት ጊዜ ስድስት መቶ አምሳ ይህን ያህል ይመጣል?» ብሎ የመጠራጠር ዕድል ያገኛል። ትክክለኛው ድምር 31,200 ነው፤ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል።

አሁን ወደ ዘዴው ድካም እንምጣ። አፍም እንደ ዓይን ይዋሻል። «የከፈለ አባል ግን 50 ብር ቅጣት ይከፈላል» የሚለውን ጸሐፊው ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ከአፉ የሚወጣው «ያልከፈለ አባል ግን 50 ብር ቅጣት ይከፍላል» ሊሆን ይችላል፤ ማንበቡ ሳይሆን ማስታወሱ ስለሚቀድም ነው። በአማርኛ ይህ አደጋ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ትርጉምን የሚገለብጠው ነገር ብዙ ጊዜ አንዲት ቀለም ናት። «ይከፍላል» እና «ይከፈላል» የሚለዩት በሳድሱ «ፍ» እና በግዕዙ «ፈ» ብቻ ነው፤ አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ይወጣል። በኪራይ ውል ላይ ይህች ልዩነት ጠበቃ ልታስቀጥር ትችላለች። አሉታም እንዲሁ ነው፤ በቃሉ መጀመሪያ ላይ የተደበቀችው «ያል» ወይም «ካል» ስትጎድል፣ የሚቀረው ቃል ትክክለኛ አማርኛ ስለሆነ ማንም አይሰናከልበትም።

ስለዚህ ሰው ከተገኘ፣ ጽሑፉን ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ ማስነበብና ራስ ወረቀቱን ሳይዙ ማዳመጥ የተሻለ ነው። አንባቢው ያሰብኩትን ስለማያውቅ የሚያነበው የተጻፈውን ነው። ያን ማስታወቂያ ለልጄ ሰጥቼ ባስነብባት ኖሮ፣ «የከፈለ አባል ግን» ስትል እሰማ ነበር። እንዲህ ያለው አንባቢ አንድ ሌላ ነገርም ይጠቁማል፦ የሚሰናከልበትን ቦታ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ቅሬታ ካለ ሊቀ መንበሩ ይሰማል» ብዬ ብጽፍ፣ አንዱ አላልቶ ሊቀ መንበሩ ቅሬታውን እንደሚያዳምጥ ይረዳል፤ ሌላው አጥብቆ ሊቀ መንበሩ ራሱ እንደሚደመጥ አድርጎ ያነበዋል። ጸሐፊው የትኛውን እንዳሰበ ስለሚያውቅ ሁልጊዜ በትክክል ያነበዋል፤ እንግዳው አንባቢ አጥብቆ ጀምሮ አላልቶ ሲመለስ ግን ስሕተቱ የአንባቢው አይደለም። «ሊቀ መንበሩ ቅሬታዎችን ያዳምጣል» ተብሎ መለወጥ ያለበት ዐረፍተ ነገሩ ነው።

ድምፅ ፈጽሞ የማይደርስበት ሌላ ክፍል አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአማርኛ ንግግር አንድ ሆነዋል። በማስታወቂያዬ ላይ «የፈፀመ» ያልኩት ከግዕዝ እንደመጣው «የፈጸመ» መባል ነበረበት፤ ሆኖም መቶ ጊዜ ጮክ ብዬ ባነበውም ጆሮዬ አይነግረኝም። ጆሮ የማይሰማውን ዓይንም ይዘነጋል። ኮርኮራን የተባለ ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛ አንባቢዎችን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዲትን ፊደል ባገኙበት ሁሉ እንዲሰርዙ ጠይቆ ነበር፤ ፊደሏ በማትነበብባቸው ቃላት ውስጥ ስትሆን ከምትነበብባቸው ይልቅ አብዝተው ዘለሏት። ሰዎቹ የሚፈልጉት በዓይን ቢሆንም ዓይናቸውን ይመራው የነበረው ጆሯቸው ነበር ማለት ነው። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ በድምፅ የሚመሳሰሉ ፊደላትን በድምፅ ማረም አይቻልም።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ማንበብ ይመጣል። ሐሳቡ እንግዳ ቢመስልም አገራችን ያውቀዋል። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ሀ ሁ ሂውን በዜማ ከያዘው በኋላ፣ መልኩን ይለይ ወይም ዜማውን ይከተል ለማወቅ ያስቸግራል። አቡጊዳው ሲቀርብለት ግን የለመደው ቅደም ተከተል ስለሚፈርስ፣ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። ወደ ኋላ ማንበብም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሐሳቡን ዜማ ይሰብረዋል።

ሁለት ዓይነት አለው፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያውቁት አንዱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው በዐረፍተ ነገር ወደ ኋላ መሄድ ነው፦ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ቃል እስከ አራት ነጥቡ እንደተለመደው አንብቦ፣ ከዚያ ከእሱ በፊት ያለውን፣ እያለ እስከ መነሻው ድረስ። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከጎረቤቱ ተነጥሎ ብቻውን ስለሚቆም፣ የአሉታ ግድፈትን የሚያወጣው ይኸኛው ነው። «የከፈለ አባል ግን 50 ብር ቅጣት ይከፈላል» የሚለው ከፊቱ ያለው ሐረግ ሳይገፋው ለብቻው ሲነበብ ግራ ያጋባል፤ ግራ መጋባቱ ደግሞ የሚፈለገው ነው። ለዚህ ስል በድርብ ሰረዝ የተያያዙትንም ለያይቼ አነባቸዋለሁ።

ሁለተኛው በቃል ወደ ኋላ መሄድ ነው፦ «እናሳስባለን፣ እናሳስባለን፣ መሆኑን፣ የሚቆይ፣ ሆኖ፣ ዝግ፣ መሥመር…» እዚህ ትርጉም ጨርሶ የለም፤ የቀረው ፊደል ነው። አንድ ወፍራም ወረቀት ላይ ሁለት ቃል የምታሳይ ጠባብ መስኮት ቀድጄ ከቀኝ ወደ ግራ እየገፋሁ አነባለሁ፤ ሁለት ቃል ማሳየቷ ድግግሞሽ እንዳያመልጥ ነው። በመስኮቷ ውስጥ «ከከፍለ» ብቻውን ሲቀር መጀመሪያው ላይ ሁለት «ከ» እንዳሉት ይታያል። የመጀመሪያዋ መስተዋድድ ናት፤ ሁለተኛዋ ግን «ክ» መሆን ነበረባት። ይህ ስሕተት የመጣው ከመጻፊያ ሰሌዳው ነው። በድምፅ ተከትሎ በሚጻፍበት አሠራር ተነባቢዋ ብቻዋን ስትነካ ሳድሱ፣ አናባቢ ስትጨመርባት ግዕዙ ይወጣል፤ አንድ ጊዜ «ከ» የመታ ጣት ሁለተኛውንም በዚያው ይመታዋል። ተቃራኒውም ብዙ ነው፤ «በበጀት ዓመቱ» ለማለት «በጀት ዓመቱ»፣ «ለለጋሾች» ለማለት «ለጋሾች» ተብሎ አንዷ ፊደል ትዋጣለች። እነዚህን ግን በቃል ወደ ኋላ ማንበብ አይዛቸውም፤ «ለጋሾች» ለብቻው እንከን የለበትም። የሚይዛቸው ድምፅ ነው፤ «ምስጋናችንን ለጋሾች እናቀርባለን» ሲባል ጆሮ «ለማን?» ብሎ ይጠይቃል።

አማርኛ ለዚህ ዘዴ የሚመች አንድ ጠባይ አለው። «ስላልከፈለች» የምትለዋ አንዲት ቃል ምክንያቱን፣ አሉታውን፣ ድርጊቱንና ባለቤቷን አንድ ላይ ይዛለች። ስለዚህ አንድን ቃል ነጥሎ ማየት እንግሊዝኛ ውስጥ የፊደል ጉዳይ ብቻ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ቅጥያዎቹንም ለመመርመር ዕድል ይሰጣል። ዋጋው ጊዜ ነው። አንድ ሙሉ ገጽ በዚህ መንገድ ከሩብ ሰዓት በታች አይወስድብኝም፤ ከሁለት ገጽ በኋላም ዓይኔ መስኮቷን እያየ ማየት ያቆማል። ረዘም ያለ ጽሑፍ ከሆነ ርእሶችን፣ የሰውና የቦታ ስሞችን፣ የውጭ ቃላትን እና የመጨረሻውን ገጽ ብቻ እንዲህ አነባለሁ። የመጨረሻውን ገጽ ያልኩት፣ ጸሐፊ ሲደክመው የሚጽፈው እሱን ስለሆነ ነው።

ለሞክሼ ፊደላቱ ግን ወደ ኋላ ማንበብም ግማሽ መፍትሔ ነው፤ «የፈፀመ» ላይ ዓይኔን ያሳርፈዋል እንጂ የትኛው እንደሚገባ አይነግረኝም። በዚህ ረገድ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ የግዕዙን ሥርወ ቃል የሚጠብቁ አሉ፣ አንዱን ፊደል መርጠው ሌላውን የተዉም አሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹ ወገን ነኝ፤ በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ፊደላቱን ማምታታት ያሳፍረኛል። በየትኛውም ወገን ላሉ ግን የማይቀረው ግዴታ ወጥነት ነው። አዘውትሬ የምጽፋቸውን ሠላሳ ያህል ቃላት፣ «ሥራ»፣ «ጽሑፍ»፣ «ኅብረት»፣ «ፈጸመ»፣ «ዓመት» የመሳሰሉትን፣ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሬያለሁ። ሰነዱ ሲያልቅ በ Ctrl+F የማልፈልገውን አጻጻፍ፣ ለምሳሌ «ስራ»ን፣ እፈልጋለሁ። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ መተካት ግን አይገባም፤ «ስራ» የሚሉት ሁለት ፊደላት «አስራት» ውስጥም አሉና የሰው ስም ይበላሻል።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። በድምፅ ማንበብ ዐረፍተ ነገር ያስለውጣል፣ በቃል ወደ ኋላ ማንበብ ግን ፊደል ብቻ ያስለውጣል፤ ስለዚህ የኋለኛው መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት፤ አለዚያ የተጣራውን ገጽ እንደገና ማደፍረስ ይሆናል። በሁለቱ መካከል በዐረፍተ ነገር ወደ ኋላ መመለሱ ይገባል። ከተቻለም ከድምፁ ንባብ በፊት አንድ ሌሊት ማሳደር ይጠቅማል።

በሌሊቱም፣ በድምፁም፣ በመስኮቷም ያልተያዘ አንድ ስሕተት በማስታወቂያዬ ላይ ቀርቶ ነበር። «እሑድ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.» ለጆሮ ደስ የሚል፣ በፊደሉም እንከን የሌለበት ሐረግ ነው፤ ያን ዓመት ጥቅምት 15 ግን ቅዳሜ ዋለ። ስብሰባችን እሑድ ስለነበረ ቀኑ 16 ነው። እንዲህ ያለው የሚገኘው የቀን መቁጠሪያ ፊት ለፊት አስቀምጦ በመመልከት ብቻ ነው፤ ድምሩም በማስያ መደገም አለበት። ለዚህ ስል ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ያለበትን ሁሉ በቀይ አክብቤ ለብቻው አንድ ዙር እሰጠዋለሁ።

ማስታወቂያውን አንሥቼ እንደገና ስጽፈው ሌላ ነገር ተማርኩ። «የከፈለ»ን «ያልከፈለ» አደረግኩ፣ ቀኑንና ድምሩን አስተካከልኩ፣ ተደጋጋሚውን ቃል ሰረዝኩ። «ኮሚቴ» የሚለውንም «የኮሚቴው አባላት» ብዬ ለወጥኩና፣ «ወስነዋል» የሚለው ስሕተት እንደነበር አስታውሼ «ወስኗል» አደረግኩት። እንዲህ ሆኖ ትክክል የነበረው ግንኙነት በእርማቴ ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል በነካሁ ቁጥር ዐረፍተ ነገሩን ከመነሻው እስከ አራት ነጥቡ እንደገና በድምፅ አነበዋለሁ። ሁለተኛውን ወረቀት ከመለጠፌ በፊት ደግሞ ከሁለተኛ ፎቅ ያሉትን እናት በር አንኳኩቼ፣ «እማማ፣ እባክዎ ይህን ያንብቡልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እያስኬዱ፣ «የኮሚቴው አባላት… ወስኗል» ብለው ቀና አሉና «ማን ነው የወሰነው?» አሉኝ።